ቦቱ ስንቱን ጉዳይ ጨረሰ? የመፍትሔ ምጣኔ፣ ወደ ሰው ማስተላለፍ እና ኮከብ ሲነጻጸሩ

ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፍ አንድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ጥያቄ የሚመልሰውን የቴሌግራም ቦት ከሚከታተሉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሪፖርት እናቀርባለን። ሪፖርቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ። ቦቱ ብቻውን የጨረሰው ቻት ከመቶ ስንት ነው? ወደ ሰው የተላለፈውስ? ደንበኛው ስንት ኮከብ ሰጠ? ሦስቱም ደህና ነበሩ። ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚሠሩት የኮል ሴንተር ልጆች ግን "ከእናንተ ቦት ጋር ተጣልቶ ነው እኮ ሰው የሚደውልልን" ይሉን ነበር።

እነሱ አልዋሹም። የእኛም ስሌት አልተሳሳተም። ችግሩ እያንዳንዱ ቁጥር የሚቆጥረው ነገር እኛ ከመሰለን የተለየ መሆኑ ነበር።

ከሦስቱ የትኛውን ዋና መለኪያ እናድርግ ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ የእኔን ምርጫ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዋናው የመፍትሔ ምጣኔ፣ ማለትም ቦቱ ብቻውን የጨረሰው ድርሻ ይሁን። ነገር ግን የሚቆጠረው ደንበኛው በዚያው ጉዳይ በ7 ቀን ውስጥ ተመልሶ አለመምጣቱ ከታየ በኋላ ነው። የማስተላለፍ ምጣኔ በምክንያት ተከፋፍሎ ከጎኑ ይቀመጥ። ኮከቡ ደግሞ የትኛውን ቻት ከፍተን ማንበብ እንዳለብን ይጠቁመን እንጂ ዒላማ አይሁን። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። በሳምንት 1,000 ቻት የሚያስተናግድ የገንዘብ ማስተላለፊያ ቦት አስቡ። ቁጥሮቹ የማንም ድርጅት አይደሉም፤ ስሌቱን ለማሳየት እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

የመፍትሔ ምጣኔ

ዳሽቦርዱ እንዲህ ይላል፦ ከ1,000 ቻት 180ው ወደ ሰው ተላልፏል። ቀሪው 820 ቦቱ ጋ አልቋል። ስለዚህ 82 በመቶ ተፈትቷል።

እዚህ ላይ የቻቱ ማለቅ እና የጉዳዩ ማለቅ አንድ ሆነው ተቆጠሩ። ቻቱ ማለቁን እናውቃለን። ጉዳዩ ማለቁን ግን አላየንም። ደንበኛው ዝም ያለው ብሩ ስለደረሰ ሊሆን ይችላል። ተስፋ ቆርጦም ሊሆን ይችላል። ታክሲ መጥቶለት፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት፣ ፓኬጅ አልቆበት ሊሆንም ይችላል። ሲስተሙ ሁሉንም "ተፈትቷል" ብሎ አንድ ላይ ይመዘግባል።

በአማርኛ ቻት ላይ ሌላም ነገር አለ። ሰው "እሺ" ሲል ገብቶኛል ማለቱ ሊሆን ይችላል። "በቃ ተወው" ማለቱም ሊሆን ይችላል። "አመሰግናለሁ"ም እንደዚያው ነው፤ ያልረዳንን ሰው እንኳ አመስግነን ነው የምንሄደው። ቻቱ በእነዚህ ቃላት ከተዘጋ እንደ መፍትሔ የሚቆጥር ደንብ ሠርተን ነበር። ቻቶቹን ከፍተን ስናነብ ደንቡ ይቆጥር የነበረው የደንበኞቻችንን ጨዋነት ሆኖ አገኘነው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቻት መቼ እንዳለቀ ራሱ ግልጽ አይደለም። እንደ ድረ ገጽ መስኮት የሚዘጋ ነገር የለም። ያው ቻት ለዓመታት ክፍት ነው። ስለዚህ "30 ደቂቃ ዝም ካለ ቻቱ አልቋል" ዓይነት ደንብ እኛው እናወጣለን። 30 ደቂቃውን 10 ብታደርጉት አንድ ደንበኛ በሻይ ሰዓት አቋርጦ ሲመለስ ሁለት ቻት ይሆናል። የመጀመሪያው እንደተፈታ ይቆጠራል። ቦቱ ምንም ሳይሻሻል ምጣኔው ይወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ 820ውን እናጣራ።

መጀመሪያ ምንም ያልጠየቁትን እናውጣ። `/start` ተጭነው የጠፉ፣ "ሰላም" ብለው የቀሩ አሉ። በምሳሌያችን 90 ይሁኑ። እነዚህ ከ820ውም ከ1,000ውም ይወጣሉ። እውነተኛ ጥያቄ የያዘው ቻት 910 ይሆናል፣ ቦቱ ጋ ያለቀው ደግሞ 730።

ቀጥሎ የተመለሱትን እንፈልግ። ከ730ው ውስጥ 150ው በዚያው ጉዳይ በ7 ቀን ውስጥ ወይ ቦቱን እንደገና ጠይቀዋል፣ ወይ ደውለዋል፣ ወይ ቅርንጫፍ ሄደዋል እንበል። ይህንን ለማወቅ የቻቱ፣ የስልኩ እና የቅርንጫፉ መዝገብ በደንበኛው ስልክ ቁጥር መገናኘት አለበት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ የሚያሳየውም እሱ ነው። የኮል ሴንተሩ ልጆች ሲነግሩን የከረሙት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የታየን እዚህ ጋ ነው። ያልተመለሱትን የሚቆጥረው የዳታቤዝ ጥያቄ በግርድፉ ይህን ይመስላል፦

```sql
SELECT COUNT(*) FROM sessions s
WHERE s.asked AND NOT s.handed_off
  AND NOT EXISTS (
    SELECT 1 FROM contacts c
    WHERE c.user_id = s.user_id
      AND c.topic = s.topic
      AND c.came_at > s.ended_at
      AND c.came_at <= s.ended_at + INTERVAL '7 days');
```

7 ቀን ለምን? ቁጥሩ በራሱ ልዩ ነገር የለውም። የሚወሰነው ጉዳዩ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ቦቱ "ለተሳሳተ ሰው የላኩት ብር በ3 የሥራ ቀን ይመለሳል" ካለ ደንበኛው ቅር የሚለው በ4ኛው ቀን ነው። በ24 ሰዓት ብቻ ብትለኩ ይህን ሰው ሳታዩት ትቀራላችሁ። የሚስጥር ቁጥር መቀየር ከሆነ ግን አንድ ቀን ይበቃል፤ ካልሠራለት ወዲያው ነው የሚመለሰው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ያለፈው ሳምንት ቁጥር ሁልጊዜ ከቀደሙት ያምራል። ምክንያቱም ትናንት ያናገረን ሰው ተመልሶ ለመምጣት ገና 6 ቀን አለው። እኛም በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ "ቦቱ ተሻሽሏል" ብለን ተደስተን ነበር። ደስታው በሳምንቱ ተነነ። 7 ቀን ያልሞላውን ቻት በሪፖርቱ ውስጥ አታስገቡ።

ሌላው የጉዳይ አመዳደብ ነው። "ገንዘብ መላክ" የሚል አንድ ሰፊ ምድብ ብቻ ካላችሁ ትናንት ስለ ክፍያ የጠየቀ ሰው ዛሬ ስለ ገደብ ቢጠይቅ እንደተመለሰ ይቆጠርበታል። በጣም ብትበጣጥሱት ደግሞ የተመለሰውም አዲስ ይመስላል። ወኪሎችን ለይታችሁ አስወጡ። አንድ የሱቅ ወኪል ለአሥር ደንበኛ አሥር ጊዜ ያንኑ ቢጠይቅ ቦቱ አልወደቀም።

ከተመለሱት በኋላ 580 ቀረ። ከእነዚህ 60ው ቦቱ "የግብይት ቁጥርዎን ያስገቡ" ብሎ ጠይቋቸው ሳይመልሱ የጠፉ ናቸው። ስለእነሱ ምንም አናውቅም። ተፈቷል ብሎ መቁጠር ድፍረት ነው፣ አልተፈታም ማለትም እንዲሁ። እኔ "ያልታወቀ" ብዬ ለብቻቸው አስቀምጣቸዋለሁ። ሲበዙ ራሳቸው ምልክት ናቸው። ብዙውን ጊዜ ደንበኛው ያንን ቁጥር የት እንደሚያገኝ አላወቀም ማለት ነው።

520 ቀረ። ሰውየው ጠይቋል፣ መልስ አግኝቷል፣ አልተመለሰም። አሁንስ? አሁንም መልሱ ትክክል መሆኑን አላየንም።

የኤር ካናዳን ጉዳይ እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ነው። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. አያቱ የሞቱበት አንድ መንገደኛ የአየር መንገዱን ቻትቦት ስለ ሐዘን ቅናሽ ጠየቀ። ቦቱ ቲኬቱን ገዝቶ በ90 ቀን ውስጥ ቅናሹን መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ከጉዞ በኋላ ቅናሽ አይፈቅድም ነበር። ሰውየው በተነገረው መሠረት ቲኬቱን ገዝቶ በረረ፣ ኋላም ተከለከለ። ጉዳዩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች መፍቻ ጉባኤ ቀርቦ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. አየር መንገዱ ወደ 812 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። "ቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ነው የሚጠየቀው" የሚለውን መከራከሪያም ጉባኤው አልተቀበለውም።

ያንን ቻት በሦስቱ መለኪያዎች እያችሁ አስቡት። ጥያቄ ቀረበ፣ ግልጽ መልስ ተሰጠ። እንዲህ ያለ ቻት በዳሽቦርድ ላይ እንደተፈታ ይቆጠራል። ሰው መጥራት አያስፈልገውም። በዚያች ደቂቃ ኮከብ ቢጠየቅ ደንበኛው 5 ቢሰጥ አይገርምም። የ7 ቀን ክትትልም ላይይዘው ይችላል።

ስለዚህ ከ520ው ውስጥ 100 ቻት በዕጣ አውጥቶ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በየሳምንቱ ያንብብ። አንድ ቻት 2 ደቂቃ ቢወስድ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በምሳሌያችን ከ100ው 12 ላይ የተሳሳተ መልስ ተገኘ እንበል። በዚያው ልክ ከ520ው 62 ያህሉ ስህተት ነው። 458 ይቀራል። 458 ለ910 ሲካፈል 50 በመቶ ነው። በ82 ጀምረን እዚህ ደረስን።

ወደ ሰው የማስተላለፍ ምጣኔ

የዚህ ቁጥር ጥንካሬ ግምት የሌለበት መሆኑ ነው። ቻቱ ወይ ተላልፏል ወይ አልተላለፈም። 180 ከ1,000፣ 18 በመቶ። ጥያቄው 18 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ነው።

180ውን በምክንያት እንክፈለው። 120ው ሰው እናነጋግር ብለው የጠየቁ ናቸው። 40ው "ስልኬ ተሰርቋል"፣ "የማላውቀው ብር ከሂሳቤ ወጣ" ያሉ ናቸው፤ እነዚህን ቦቱ እንዲያስተላልፍ ታዟል። 20ው ቦቱ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልገባው ነው። ሦስቱን ደምሮ "እንቀንስ" ማለት አደገኛ ነው። 40ው እንዲቀንስ የሚፈልግ ሰው ሊኖር አይገባም። የምንቀንሰው 20ውን ነው። 120ውን ደግሞ ለምን ሰው እንደፈለጉ ማንበብ አለብን።

ይህ ቁጥር በቀላሉ የሚታለል ነው። "ሰው ያነጋግረኝ" የሚለውን ቁልፍ ከዋናው ገጽ አንስታችሁ ሦስተኛ ማውጫ ውስጥ ብትከቱት በዚያው ሳምንት ይወርዳል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም የሚያደርገው። ማናጀሩ ዒላማ ሰጠ፣ ባለሙያው ገጹን "አሳመረ"። ስለዚህ ከተላለፉት ጎን ጠይቀው ያልተላለፉትን ቁጠሩ። በምሳሌያችን 75 ሰዎች ሰው እንፈልጋለን ብለው ቦቱ "እባክዎ ጥያቄዎን በሌላ አነጋገር ይግለጹ" ብሏቸዋል እንበል። ሰው የፈለገው 195 ነው፣ የተላለፈው 120። እኔ ማየት የምፈልገው ይህንን ልዩነት ነው።

እነዚህን 75 ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። "ሰው" የሚለውን ቃል በመፈለግ ብቻ አይሆንም። የገንዘብ ቦት ላይ "ለተሳሳተ ሰው ላክሁ" የሚል መልእክት ሞልቷል። በሌላ በኩል ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፤ `sew` ወይም `agent` ብሎ የጻፈውን በፊደል ብቻ የሚፈልግ ደንብ አያየውም። እኛ ያደረግነው ጥቂት መቶ መልእክት በእጅ ለይተን ደንቡን በእነሱ ላይ መፈተን ነበር።

ሌላው ነገር ማስተላለፍ መድረስ አለመሆኑ ነው። ቦቱ "ወደ ባለሙያ እያስተላለፍኩ ነው" ካለ በኋላ ወረፋ ላይ ቆይቶ የወጣ ሰው በዳሽቦርዱ እንደተላለፈ ይቆጠራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተላለፈውም እንዲሁ። ከ180ው ስንቱ በትክክል ሰው እንዳነጋገረ፣ ባለሙያውስ የቀደመውን ቻት አይቶት እንደሆነ ለብቻው ተከታተሉ። ባለሙያው "ምን ልርዳዎት?" ብሎ ከጀመረ አላየውም ማለት ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። አፑ ላይ ቀሪ ሂሳብ ማያ ቁልፍ ተጨመረና ቦቱን "ቀሪዬ ስንት ነው" የሚሉ 200 ቀላል ቻቶች ጠፉ እንበል። አሁን 180 ከ800 ነው፣ 22.5 በመቶ። ማንም ሰው የባሰ አገልግሎት አላገኘም። ግን ምጣኔው ጨምሯል፣ ስብሰባ ላይም ጥያቄ ይነሳል። ከመደናገጣችሁ በፊት ምጣኔውን በየጉዳዩ ለዩት።

የተጠቃሚ ኮከብ

ስለ ኮከብ ብዙ አልልም። ከሁሉም የቀለለው መለኪያ ነው፤ በተለይ መዝገቦቻችሁን ማገናኘት ካልቻላችሁ ይማርካል።

መጀመሪያ ማን እንደሚመልስ እዩ። ከ910ው 64 ሰዎች መለሱ እንበል፣ 7 በመቶ ገደማ። በጣም የተደሰተ እና በጣም የተናደደ ሰው ነው የሚጫነው። መሐል ላይ ያለው ሰው ዝም ይላል። ከ64ቱ 45ቱ 4 ወይም 5 ሰጡ፤ 70 በመቶ ረክቷል። መላሹ ይህን ያህል ጥቂት ሲሆን የግምቱ የስህተት ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 11 ነጥብ ያህል ነው፦

```
1.96 × √(0.70 × 0.30 / 64) ≈ 0.11
```

እውነቱ ከ59 እስከ 81 መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ያውም መላሾቹ በዕጣ እንደተመረጡ ብንቆጥራቸው ነው፤ እነሱ ደግሞ ራሳቸውን የመረጡ ናቸው። ስለዚህ ካለፈው ሳምንት 70 ወደዚህ ሳምንት 75 ወጣ ብሎ ማክበር ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ መቼ እንደተጠየቀ እዩ። ብዙ ቦቶች ኮከብ የሚጠይቁት ቻቱ ቦቱ ጋ ሲያልቅ ብቻ ነው። ሰው ለምኖ የተላለፈው፣ መሐል ላይ ጥሎ የወጣው አይጠየቅም። የተናደዱት ከመጠየቃቸው በፊት ሄደዋል።

ደንበኛው የሚመዝነውም ሁልጊዜ ቦቱን አይደለም። የአገልግሎት ክፍያው በዛ ብሎ 1 ይሰጣል፤ ቦቱ ግን ክፍያውን በትክክል ነው የነገረው። በተቃራኒው ልክ ያልሆነ ግን ደስ የሚል መልስ 5 ያገኛል።

ቁጥሩ ራሱም ግልጽ ላይሆን ይችላል። ከ1 እስከ 5 ያሉ ባዶ ቁልፎች ብታሳዩ "አንደኛ" ከሁሉ ይበልጣል ብሎ 1ን የሚጫን አለ። እኛ ይህንን ያወቅነው "በጣም ጎበዞች ናችሁ" የሚል አስተያየት ከ1 ጋር ተያይዞ ሲመጣ ነው። በኋላ ቁጥሩን ትተን አንድ ጥያቄ አደረግን፦ "ጉዳይዎ አለቀ?" ሁለት ቁልፍ፦ "አዎ" እና "ገና ነው"። "ገና ነው" ያለውን ወዲያው ሰው እንዲያነጋግር ጋበዝነው። መልሱም ለመፍትሔ ምጣኔው ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ።

ታዲያ የትኛውን?

የቻት እና የስልክ መዝገባችሁን በደንበኛ ማገናኘት ከቻላችሁ የ7 ቀኑን የመፍትሔ ምጣኔ ያዙ፤ ከላይ እንዳየነው አጣሩት።

ቦቱ ድረ ገጽ ላይ ሆኖ ማን እንደጠየቀ የማይታወቅ ከሆነ ተመልሶ መምጣቱን አታውቁም። እዚያ "ጉዳይዎ አለቀ?" የሚለውን ጥያቄ እና በየሳምንቱ የሚነበበውን 100 ቻት አጣምሩ። "አዎ" ያለውን ከሁሉም እውነተኛ ጥያቄ አካፍሉ። ከመለሱት ብቻ ካካፈላችሁ የኮከቡ ችግር ተመልሶ ይመጣል።

በሳምንት ከ200 በታች ቻት ካላችሁ በመቶኛ አትድከሙ። ሁሉንም አንብቧቸው። በአንድ ቀን ያልቃል።

ቦቱ ገና ከወጣ የመጀመሪያው ወር ከሆነ የማስተላለፍ ምጣኔ ላይ ዒላማ አታስቀምጡ። በዚያ ወር ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ ቦቱ የማያውቀውን እያሳያችሁ ነው። የምትከታተሉት ጠይቀው ሰው ያላገኙትን ነው።

ቦቱ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ሕግ የሚመልስ ከሆነ ከሁሉም በፊት በንባብ የተገኘው የስህተት ድርሻ ይምጣ። ከ100 ቻት 12 ስህተት ከተገኘ የመፍትሔ ምጣኔው ስንትም ቢሆን ያ የጥያቄ ዓይነት ወደ ሰው ይዙር።

ቦቱን ከሌላ ድርጅት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ "መፍትሔ" የሚለው ቃል ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ኢንተርኮም የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ፊን የተባለውን ቦቱን ለአንድ መፍትሔ 0.99 ዶላር እያስከፈለ ነው ለገበያ ያቀረበው። ደንበኛው "ረድቶኛል" ያለበት ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ እርዳታ ሳይጠይቅ የወጣበትም ቻት እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። አሠራሩ በግልጽ የተጻፈ ነው፣ የተደበቀ ነገር የለውም። ግን በእኛ ምሳሌ እንዲህ ያለ አቆጣጠር ለ458 እና ለ730 የመክፈል ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ዝም ብሎ የወጣ ሰው እንዴት ይቆጠራል? በሳምንቱ ተመልሶ ቢመጣ ክፍያው ይነሳል ወይ? የቻቱን ሙሉ መዝገብ ከስልክ መዝገባችሁ ጋር ለማገናኘት አውርዳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ? ሦስተኛው "አይቻልም" ከተባለ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መልሶች የምታረጋግጡበት መንገድ የላችሁም።